የሮማውያን ወደብ በአመድ ብቻ አልጸናም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ሮማውያን ከ2000 ዓመት በፊት የሠሩት ኮንክሪት ከዛሬው ይበረታል። ምስጢሩ ጠፍቶ ኖሮ ተመራማሪዎች ገና አሁን አገኙት። ቅመሙ የእሳተ ገሞራ አመድና ኖራ ብቻ ነው፤ የባሕር ውሃ ሲነካው ይጠነክራል፤ ወደቦቻቸው እስከ ዛሬ ያልፈረሱትም ለዚህ ነው። የእኛ ሲሚንቶ ግን በ50 ዓመት ይፈረካከሳል፣ አየሩንም ይበክላል። ስምጥ ሸለቋችን አመድ ሞልቶታል፤ ሲሚንቶን ትተን ወደ ጥንቱ እንመለስ።»

ይህን ጽሑፍ ብዙ ሰው ተቀባብሎታል፤ ግንባታ ላይ የሚሠሩ ወዳጆቼም ልከውልኛል። ጸሐፊው የጥንቱን ሥራ በአክብሮት ማየታቸው መልካም ነው፤ ካሉት ውስጥ እውነት የሆነውንም በየቦታው እናገራለሁ። ዝም ማለት ያልቻልኩት ግን አንድ ሰው ይህን አምኖ አመድና ኖራ ለውሶ ፌሮ ቢቀብርበት የሚደርሰውን ጉዳት ስለማውቅ ነው።

ጠፋ ከተባለው ምስጢር ልጀምር። ቪትሩቪየስ የተባለው ሮማዊ የሕንፃ ባለሙያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስለ ሕንፃ ሥራ በጻፈው መጽሐፍ መጠኑን በግልጽ አስቀምጦታል። ለባሕር ሥራ ሁለት እጅ አመድ፣ አንድ እጅ ኖራ ይላል። አመዱ ከኔፕልስ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ መምጣት እንዳለበትም ጽፏል። ከእሱ በኋላ የመጣው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ደግሞ በዚያው ባሕረ ሰላጤ ካለችው ከፖዙዎሊ የሚወጣው ትቢያ ማዕበል ሲነካው አንድ ወጥ ድንጋይ እንደሚሆንና በየቀኑ እየጠነከረ እንደሚሄድ መዝግቧል። እነዚህ መጻሕፍት አልጠፉም፤ በመካከለኛው ዘመን ሲገለበጡ ኖረው የማተሚያ መሣሪያ ሲመጣ ታተሙ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ስሚተን ከ1756 እስከ 1759 እ.ኤ.አ. የኤዲስተንን የባሕር መብራት ግንብ ሲሠራ ከጣሊያን ቺቪታቬኪያ ያስመጣውን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር ቀላቅሎ ተጠቅሟል። ደቾችም ከራይን ወንዝ አካባቢ የሚወጣውን ተመሳሳይ ድንጋይ እየፈጩ ለውሃ ግንባታ ለዘመናት ሲሸጡና ሲያውሉት ኖረዋል።

እርግጥ ነው፣ ከሮም ውድቀት በኋላ በባሕር ውስጥ በዚያ ስፋት ኮንክሪት መሙላት ለረጅም ጊዜ ቀርቷል። የቀረው ግን መጠኑ ስለተረሳ አይደለም፤ አመዱን በመርከብ የሚያመላልስ፣ ሠራተኛውንም የሚቀልብ መንግሥት ስላልነበረ ነው። በቅርቡ የተገኘው ነገር ሌላ ነው፤ በዚያ ድንጋይ ውስጥ ባለፉት ሁለት ሺህ ዓመታት ምን እንደተካሄደ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ቅመሙ። ተራ ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ እሳት ሲቃጠል ነው። ድንጋዩ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቅና የሚፋጀው ኖራ ይቀራል፤ ውሃ ሲነካው እየፈላ ይሟሽሻል። ግድግዳ ላይ የተለሰነ ኖራ የሚጠነክረው ያንን የለቀቀውን ጋዝ ከአየር መልሶ ሲስብ ነው። ባሕር ውስጥ ግን ይህ አይሆንም። ኖራው በቂ አየር ስለማያገኝ ሳይጠነክር ውሃው አጥቦ ይወስደዋል።

አመዱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የቀለጠው ዓለት በአየር ላይ ተበታትኖ በድንገት ይቀዘቅዛል። ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ስለማያገኝ እንደ ብርጭቆ ያልተደራጀ ነገር ሆኖ ይቀራል። ይህ ብርጭቆ በአብዛኛው ሲሊካና አሉሚና ነው። ኖራ የሟሟበት ውሃ በጣም ስለሚያቃጥል ብርጭቆውን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ የተለቀቁት ሲሊካና አሉሚና ከኖራው ካልሲየም ጋር ተያይዘው አመዱንና ድንጋዩን አንድ ላይ የሚያጣብቅ ማያያዣ ይፈጥራሉ። ይህ ሂደት የሚፈልገው ውሃን እንጂ አየርን አይደለም። በባሕር ውስጥ የጠነከረበት ምክንያት በአጭሩ ይኸው ነው።

ይሁንና ጸሐፊው ያላነሡት አንድ ነገር አለ። የዛሬው ሲሚንቶም ውሃ ውስጥ ይጠነክራል። የሲሚንቶ ኮንክሪት ጠነከረ ሲባል ደረቀ ማለት አይደለም፤ ከውሃ ጋር ተዋሐደ ማለት ነው። ለዚህም ነው አዲስ ኮንክሪት በየቀኑ ውሃ የሚጠጣው፤ የድልድይ ምሰሶ መሠረትም ውሃ ውስጥ በቧንቧ እየተሞላ የሚሠራው። እንግዲህ በውሃ ውስጥ መጠንከር የሮማውያኑን ከእኛው የሚለየው ነገር አይደለም። ልዩነቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

«አመድና ኖራ ብቻ» የሚለው ደግሞ የሥራውን ከባድ ክፍል ይደብቃል። አሠራሩ ባሕሩ ውስጥ እንጨት ተክሎ በሳንቃ ካሳፎርማ መሥራትን፣ ከዚያም ውሃ በሞላው ካሳፎርማ ውስጥ ቡኮውንና በእጅ የሚያዝ መጠን ያለውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እያፈራረቁ መሙላትን ይጠይቃል። ቡኮው ከላይ ቢለቀቅ ወደ ታች ሲወርድ ውሃው ኖራውን ያጥበዋል፤ ሥር የሚደርሰው ማያያዣ የሌለው አመድና ጠጠር ይሆናል። የጥንት ወደቦችን ኮንክሪት ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. በጣሊያኗ ብሪንዲዚ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ግንብ በቪትሩቪየስ መጠን ባሕር ውስጥ ሠርተው ነበር። ቡኮውን በቅርጫት አድርገው ከታች ድረስ በገመድ ካወረዱ በኋላ ነበር የሚገለብጡት። ካሳፎርማው ከተነሣ በኋላ ጥሩ መሥራትና አለመሥራት የሚለየው ናሙና ተቦርቡሮ ሲወጣ ነው። ናሙናው እንደ አንድ ዘንግ ሳይቆራረጥ ከወጣ ሥራው ደህና ነው፤ በመሐሉ ፈራሽ ንጣፍ ካለ ያ ክፍል ታጥቧል ማለት ነው።

ስለ ጥንካሬው የተባለው ግልጽ ስህተት ነው። የሮማውያኑ የባሕር ኮንክሪት ተጨፍልቆ ሲፈተን የሚሸከመው ጫና ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሜጋፓስካል ቢሆን ነው። ዛሬ ለተራ ሕንፃ የምንሞላው ኮንክሪት ከ20 እስከ 30 ይደርሳል፤ ለባሕር መዋቅር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የሮማውያኑ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ነው። መበርታትና መቆየት አንድ አይደሉም፤ ጸሐፊው ሁለቱን በመቀላቀላቸው ነው መንገዱ የጠፋባቸው።

የመቆየቱ ነገር ግን በእውነት የሚደንቅ ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ወደ እውነቱ ቀርበዋል። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ካሉ የጥንት ወደቦች ረጃጅም የኮንክሪት ናሙናዎች ተቦርቡረው ወጥተዋል። ሜሪ ጃክሰን የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከመካከላቸው በጣሊያን ያሉትን የባያንና የኮሳን ወደቦች ናሙና በጠንካራ ኤክስሬይ መርምረው በ2013 እና በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳትመዋል። ያገኙት ነገር ሁለት ምዕራፍ አለው።

የመጀመሪያው ገና ሲሠራ ነው። የባያው ግንብ ብዙ ሜትር ስፋትና ውፍረት ያለው ጅምላ ነበር። ኖራው ከውሃና ከአመዱ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጥረው ሙቀት ከእንዲህ ያለ ጅምላ ቶሎ አይወጣም። በስሌታቸው መሠረት የውስጡ ሙቀት ወደ 90 ዲግሪ ተጠግቷል፤ ቀዝቅዞ ከባሕሩ ጋር እስኪስተካከልም ሁለት ዓመት ያህል ወስዷል። በዚያ ሙቀት ሳይሟሟ በቀረው የኖራ እንክብል ውስጥ አሉሚና ያለበት ቶበርሞራይት የሚባል ማዕድን አድጓል። ይህ ማዕድን በተራ ኮንክሪት ውስጥ አይገኝም፤ በፋብሪካ ለመሥራትም ከፍተኛ ሙቀት ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ኖራው ካለቀ በኋላ የመጣው ነው። የባሕር ውሃ በቀዳዳዎቹ እየሰረገ የተረፈውን ብርጭቆ መብላቱን ቀጠለ። ከሟሟው ነገር ፓሚስ በሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀዳዳዎችና በስንጥቆቹ ውስጥ ፊሊፕሳይት የሚባል ማዕድንና እንደገና ቶበርሞራይት በቀጫጭን ሰሌዳዎች መልክ አደጉ። ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ ስንጥቅ እየረዘመ እንዳይሄድ ይይዙታል። የፕሊኒ «በየቀኑ ይጠነክራል» ማጋነን ቢኖርበትም መሠረት አለው ማለት ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህን ያደረገው የባሕር ውሃ ብቻውን አይደለም። የዚያ አካባቢ አመድ ፖታሲየምና ሶዲየም የበዛበት ብርጭቆ ነው፤ ለፊሊፕሳይት የሚያስፈልገው እሱ ነው። ብርጭቆ መሰል ድንጋይ ተራ ኮንክሪት ውስጥ በጠጠርነት ሲገባና ሲሚንቶው እንዲህ ሲበላው ግን ውሃ እየሳበ የሚያብጥ ዝልግልግ ነገር ይፈጠርና ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል፤ መሐንዲሶች በጣም የሚፈሩት ችግር ነው። መነሻው ተመሳሳይ ሆኖ ውጤቱ የተለያየው በዙሪያው ያለው ኬሚስትሪ ስለተለያየ ነው። ስለዚህ «ባሕር ሲነካው ይጠነክራል» የሚለው ለዚያ አመድ፣ በዚያ ጅምላ፣ በዚያ ውሃ እውነት ነው፤ ከዚያ ውጭ ግን በፈተና መረጋገጥ አለበት።

ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር የሚደባለቀው በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች የታተመው ጥናት ነው። እሱ የተመሠረተው በፕሪቬርኑም ከተማ ቅጥር ላይ ነው፤ የየብስ ግንብ ነው እንጂ ወደብ አይደለም። ሐሳቡ ያልሟሸሸ ኖራ ትኩስ እንዳለ ሲለወስ ነጫጭ እንክብሎች ይቀራሉ፤ ስንጥቅ መጥቶ ውሃ ሲገባ እንክብሉ እየሟሟ ስንጥቁን ይደፍናል የሚል ነው። ተመራማሪዎቹ በዚህ መንገድ ለውሰው የሰነጠቁት ናሙና ውሃ ሲፈስበት በሁለት ሳምንት ውስጥ ተደፍኗል። ጥሩ ሥራ ነው። የባሕሩ ግንብ ግን በዋናነት የቆየው በሌላ ሂደት ነው፤ የአንዱን ማስረጃ ለሌላው ማዋል አይገባም።

ወደቦቻቸው አልፈረሱም ወደሚለው ስመጣ አንድ ወደብ በዝርዝር ላሳይ። ሄሮድስ ቂሳርያ ላይ ሴባስቶስ የተባለውን ታላቅ ወደብ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ22 ገደማ ጀምሮ አሠራ። አካባቢው አሸዋማና ግልጽ ባሕር ስለሆነ ተፈጥሯዊ መጠለያ አልነበረውም። አመዱ ከኔፕልስ አካባቢ ሜዲትራኒያንን አቋርጦ ነው የመጣው፤ የናሙናው ምርመራ ይህን አረጋግጧል። ተመራማሪዎች 24 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል አመድ ሳያስፈልግ እንዳልቀረ ገምተዋል። እንግዲህ ቅመሙ ዝነኛው ቅመም ነበር፤ ያሠራው ንጉሥም ለገንዘብ የማይሰስት ነበር።

ወደቡ ግን አልጸናም። ከባዱ ግንብ ያረፈው በልል አሸዋ ላይ ነበር። ሞገዱ ሥሩን እየቦረቦረ፣ የምድር መንቀጥቀጡም እያናወጠው ግንቡ ሰመጠ፣ ተሰነጣጠቀ። ኮንክሪቱም ራሱ በአንዳንድ ቦታ በደንብ ያልተለወሰና ከጣሊያኖቹ የሚላላ ሆኖ ተገኝቷል። ስድስተኛው መቶ ዓመት ሲጀምር ወደቡ ከመበላሸቱ የተነሣ ንጉሠ ነገሥት አናስታስዮስ እንዲያድሰው አስፈልጎ ነበር። ዛሬ የወደቡ ግንብ አብዛኛው ከባሕሩ በታች ነው፤ ሊያየው የሚፈልግ ሰው ጠልቆ ይዋኛል።

የሌሎቹም ታሪክ እንዲሁ ነው። ሮማዊው የጦር አዛዥ አግሪጳ በ37 ከክርስቶስ ልደት በፊት የሠራው ፖርቱስ ዩሊየስ የተባለው ወደብ መሬቱ ዝቅ ስላለበት ባሕር ውስጥ ገብቷል። በሮም አጠገብ ቀላውዴዎስ የጀመረው ታላቁ ወደብ በደለል ተሞልቶ ዛሬ ከባሕሩ ርቆ፣ ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የብስ ላይ ነው። በሁለቱም ቦታ ኮንክሪቱ አለ፤ ወደቡ ግን የለም። ጽሑፉ ሁለቱን አንድ ማድረጉ አንባቢን ያሳስታል። ኮንክሪት ቢጸና እንኳ መሬቱ፣ ደለሉና ሞገዱ ወደቡን ሊያጠፉት ይችላሉ። በዚያ ላይ ዛሬ የምናየው የተረፈውን ነው፤ በመጀመሪያው ክረምት ማዕበል የወሰደው ግንብ ቆጣሪ የለውም።

አሁን እጅግ አስፈላጊ ወደምለው ነጥብ ልምጣ፤ የእኛው ለምን ቶሎ ይበላሻል? አዎ፣ ባሕር ዳር ያሉ ብዙ የዘመናችን መዋቅሮች 50 ዓመት ሳይሞላቸው ጥገና ይጠይቃሉ። ጥፋተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲሚንቶው አይደለም፤ ውስጡ ያለው ፌሮ ነው። ጤነኛ ኮንክሪት ውስጥ ያለው ውሃ በጣም የሚያቃጥል፣ ማለትም አልካላይን ስለሆነ ብረቱ ላይ የማይታይ መከላከያ ንጣፍ ይፈጠራል። የባሕር ጨው ቀስ በቀስ ሰርጎ ብረቱ ጋ ሲደርስ ያን ንጣፍ ይሰብረዋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ የሸፈነውን ኮንክሪት ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁ ተጨማሪ ጨው ይገባል። ምልክቱ ቡናማ ዕድፍ፣ ከዚያ በፌሮው አቅጣጫ የሚሄድ ስንጥቅ፣ በመጨረሻም በመዶሻ ሲነካ ባዶ ድምፅ የሚሰጥና የሚረግፍ ሽፋን ነው። በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች በግንባታ የሠራ ወገን ይህን በዓይኑ አይቶታል።

ሮማውያን በወደባቸው ኮንክሪት ውስጥ ብረት አልቀበሩም፤ የሚዝገው ስላልነበረ አልተሰነጠቀባቸውም። በምትኩ ግዙፍ ጅምላ ሞሉ፤ ክብደቱ ራሱ ማዕበሉን ይቋቋም ነበር። ቀጭን ምሰሶና በአየር ላይ የተዘረጋ ወለል ያለው የዛሬ የመርከብ ማራገፊያ በዚያ መንገድ አይሠራም፤ የሚያጎብጠውን ጫና የሚሸከመው ብረቱ ነውና።

ከዚያም የከፋ አለ። የባያን ኮንክሪት ያቆየው ነገር፣ ማለትም ኖራው አልቆ የውሃው ማቃጠል መቀነሱና የባሕር ውሃ በቀዳዳው እንደ ልብ መስረጉ፣ ፌሮን የሚገድለው ነገር ራሱ ነው። የሮማውያኑን ቅመም ከዘመናችን ብረት ጋር ማጋባት የሁለቱንም ጉዳት መሰብሰብ ነው። ጽሑፉን አንብቦ ሊሞክር የተነሣ ሰው ቢኖር ይህችን ብቻ እንዲያስታውስ እለምናለሁ።

ስለ አየር ብክለቱ ጸሐፊው አልተሳሳቱም። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው። የሲሚንቶ ምድጃ 1450 ዲግሪ ይደርሳል፤ የኖራው 900 ይበቃዋል። ሆኖም ከሲሚንቶ ልቀት ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከነዳጁ ሳይሆን የኖራ ድንጋዩ ራሱ ከሚለቀው ጋዝ ነው፤ ይህ ደግሞ ኖራ ሲቃጠልም አይቀርም። አንድ ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 440 ግራም ጋዝ ይወጣል፤ ሮማዊም ቢያቃጥለው ያው ነው። የእነሱ ሥራ የሚያተርፈው በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ኖራ ጥቂት፣ አመዱና ድንጋዩ ግን ብዙ ስለሆነ ነው።

ይህን ካየን ደግሞ «ወደዚያ እንመለስ» የሚባልበት ነገር ከእኛ ጋር እንዳለ እንረዳለን። በአገራችን የሚሸጠው ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ ፋብሪካዎቻችን ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣውን ፓሚስ ክሊንከር ከሚባለው ከምድጃ ከወጣ የሲሚንቶ ድንጋይ ጋር አብረው ይፈጩታል። ክሊንከሩ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ኖራ ይለቅቃል፤ ፓሚሱ ያንን ኖራ ይዞ ተጨማሪ ማያያዣ ይፈጥራል። የፖዙዎሊው ኬሚስትሪ ማለት ነው። ጥሩ ፓሚስ በደንብ ከተፈጨና በቂ ውሃ እየጠጣ ከጠነከረ ጨው የሚሰርግበት ቀዳዳም ይጠብባል። ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፓሚስ ከሌለበት ከኦፒሲ ሲሚንቶ ዘግይቶ መጠንከሩ ነው። ካሳፎርማው ቶሎ ከተነሣ ወይም ውሃ ማጠጣቱ በሦስተኛው ቀን ከቆመ አመዱ ሥራውን ሳይጀምር ይቀራል።

ስምጥ ሸለቆው አመድ ሞልቶታል ማለትም ሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ድንጋይ ክሪስታል ስለሆነ ቢፈጩትም አይሟሟም፤ ለዘመናት በዝናብ የበሰበሰው ደግሞ ወደ ጭቃነት ተቀይሮ ውሃ ይሻማል። ቀለሙን አይቶ መለየት አይቻልም። በሰፊው የሚሠራበት ፈተና ቀላል ነው። ከሲሚንቶው 20 በመቶውን አውጥቶ በተፈጨው አመድ መተካት፣ ከዚያም ናሙናውን ንጹሕ ሲሚንቶ ካለበት ናሙና ጋር በ7 እና በ28 ቀን መጨፍለቅ ነው። በአሜሪካው መለኪያ ከሁለቱ ቀናት በአንዱ ቢያንስ 75 በመቶ ጥንካሬ ያላሳየ አመድ ለሥራ አይወሰድም። ጎን ለጎንም በአመድ ምትክ የማይዋሐድ የተፈጨ አሸዋ የገባበት ሦስተኛ ናሙና ቢሠራ፣ አመዱ በእርግጥ ማያያዣ እየፈጠረ ይሁን ወይም ቦታ ብቻ እየሞላ ይሁን በ90ኛው ቀን ከሁለቱ ልዩነት ይታወቃል።